ውሎ አበል ተቀብዬ ስመለስ ደመወዜ ለምን ጎደለ?

የዛሬው ንግግራችን ስለ ውሎ አበል ነው። እርሳስና ደብተራችሁን አጠገባችሁ አድርጉ። ትንሽ መደመርና መቀነስ አለብን።

አንድ የውኃ ፓምፕ ጠጋኝ አለ እንበል። አዳማ ከተማ በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ ይሠራል። የወር ደመወዙ 8,000 ብር ነው። በኅዳር ወር 2018 ዓ.ም. አለቃው ጠራውና «ድሬዳዋ ሦስት ፓምፕ ተበላሽቷል፤ ሄደህ ጠግን» አለው። የሥራው ጊዜ ስድስት ቀን ነበር። ገንዘብ ያዡ ለአንድ ቀን 700 ብር አስቦ የስድስቱን ቀን 4,200 ብር በእጁ ሰጠው። ሰውየው ፈረመ፣ ሄደ፣ ጠገነ፣ ተመለሰ።

ወሩ ሲያልቅ ደመወዝ ሊቀበል ቀረበ። ሁልጊዜ በእጁ የሚደርሰው 6,290 ብር ነበር። አሁን ግን 5,990 ብር ሆኖ አገኘው። 300 ብር ጎደለ! ሒሳብ ሹሙን ሲጠይቅ «የአበል ግብር ነው» ተባለ። ሰውየው አልገባውም። «አበሉን አንድ ጊዜ ሰጥተውኝ ከደመወዜ ላይ መልሰው ወሰዱብኝ» እያለ ወደ ቤቱ ሄደ።

ለመሆኑ ተበድሏል ወይስ አልተበደለም? ይህን ለማወቅ ነው ዛሬ የምንቀመጠው። ስለ ውሎ አበል ሁለት ዓይነት ወሬ ይሰማል። አንዱ ሰው «አበል ግብር የለበትም» ይላል። ሌላው «አይ፣ ከሁሉም ይቆረጣል» ይላል። ሁለቱም ግማሽ ግማሹን ነው የያዙት።

በመጀመሪያ የተጣራ ደመወዝ የሚባለውን እንወቅ። የተጣራ ደመወዝ ማለት የሚቀነሰው ሁሉ ተቀንሶ በእጃችን የሚገባው ገንዘብ ነው። ከጠጋኙ 8,000 ብር ላይ በየወሩ ሁለት ነገር ይቀነሳል። አንደኛው የጡረታ መዋጮ ነው። ሠራተኛው ከደመወዙ ከመቶ 7 ያዋጣል። የ8,000 ብር 7 ከመቶ 560 ብር ነው። ሁለተኛው የሥራ ግብር ነው። ግብሩን አሠሪው ከሠራተኛው ቀንሶ ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ያስገባል።

የሥራ ግብር እንደ ደረጃ ነው፤ የቤት ደረጃ ማለቴ ነው። በ2017 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 1395 መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ብር ያለው ከመቶ 15 ይከፈልበታል። ከ4,000 በላይ እስከ 7,000 ያለው ከመቶ 20 ነው። ከ7,000 በላይ እስከ 10,000 ያለው ከመቶ 25 ነው። ከ10,000 በላይ እስከ 14,000 ያለው ከመቶ 30፣ ከዚያም በላይ ያለው ሁሉ ከመቶ 35 ነው።

እንግዲህ የጠጋኙን 8,000 ብር ይዘን ደረጃውን እንውጣ። የመጀመሪያው 2,000 ብር ነጻ ነው። የሚቀጥለው 2,000 ብር በ15 ከመቶ 300 ብር ያመጣል። የሚቀጥለው 3,000 ብር በ20 ከመቶ 600 ብር ያመጣል። እስካሁን 7,000 ደርሰናል። የቀረው 1,000 ብር በ25 ከመቶ 250 ብር ያመጣል። 300 እና 600 እና 250 ሲደመር 1,150 ብር ይሆናል። ግብሩ ይህ ነው። ከ8,000 ላይ 1,150 ግብርና 560 ጡረታ ሲነሣ 6,290 ብር ይቀራል። ሰውየው ሁልጊዜ የሚቀበለው ይህንኑ ነው። ትክክል ነው አይደል?

አሁን ወደ አበሉ እንምጣ። ውሎ አበል ደመወዝ አይደለም። ሰውየው በቤቱ ቢሆን ኖሮ ከቤተሰቡ ጋር ይበላል፤ በራሱ አልጋ ይተኛል። ለሥራ ሲወጣ ግን ምሳውን ከምግብ ቤት ይገዛል፤ ለመኝታ ይከፍላል። አበሉ የሚሰጠው ለዚሁ ነው። የሥራውን ወጪ መሸፈኛ እንጂ የልፋት ዋጋ ስላልሆነ ሕጉ ግብር አይጠይቅበትም።

ታዲያ አንድ አሠሪ ይህን ሰበብ አድርጎ ደመወዙን ሁሉ «አበል» ብሎ ቢከፍልስ? ግብር የሚባል ነገር አይኖርማ። ለዚህ ነው ጣሪያ የተደረገለት። ጣሪያ ማለት ለአንድ ቀን ከግብር ነጻ የሚሆነው የመጨረሻው መጠን ነው። ከጣሪያው በታች ያለው ነጻ ነው። ከጣሪያው በላይ ያለው ትርፍ ግን በዚያ ወር ደመወዝ ላይ ተደምሮ ግብር ይከፈልበታል። ጣሪያው የሚወሰነው በመመሪያ ነው፤ መመሪያ ደግሞ ይለወጣል። ስለዚህ ሒሳብ ሹማችሁን «ዛሬ የሚሠራበት ጣሪያ በቀን ስንት ነው? ከደመወዜ መቶኛ ጋር የሚያያዝ ነገርስ አለው?» ብላችሁ ጠይቁ። እኛ ለትምህርታችን እንዲቀልልን ጣሪያው በቀን 500 ብር ነው እንበል።

ጠጋኙ በቀን የተቀበለው 700 ብር ነው። 500ው ነጻ ነው። 200ው ትርፍ ነው። በስድስት ቀን ነጻው 3,000 ብር፣ ትርፉ 1,200 ብር ይሆናል። ግብር የሚጠየቅበት ይህ 1,200 ብር ብቻ ነው። ሁሉም 4,200 ብር አይደለም። ይህን ልብ በሉ።

1,200 ብር በስንት ከመቶ ይታሰብ? ሰውየው በደመወዙ ብቻ 8,000 ላይ ቆሟል። ትርፉ ሲጨመር 9,200 ይደርሳል። ያ ሁሉ የሚያርፈው ከ7,000 በላይና ከ10,000 በታች ባለው ደረጃ ላይ ነው። የዚያ ደረጃ ግብር ከመቶ 25 ነው። የ1,200 ብር 25 ከመቶ 300 ብር ነው። ጎደለ የተባለው 300 ብር ይኸውና ተገኘ!

ሰውየው እንግዲህ ከ4,200 ብሩ 3,900ው ቀርቶለታል። አልተበደለም። ታዲያ ለምን የተበደለ መሰለው? ምክንያቱም አበሉን የተቀበለው ከመሄዱ በፊት፣ በጥሬው፣ ምንም ሳይነካ ነው። ግብሩ የተነሣው ግን ወሩ ሲያልቅ፣ ከደመወዙ ላይ ነው። ገንዘቡ በአንድ በር ገባ፤ ግብሩ በሌላ በር ወጣ። ድሬዳዋ ሳለ 4,200 ብሩን በሙሉ አጥፍቶት ቢሆን ኖሮ የወሩ መጨረሻ ይከብደው ነበር። ከጣሪያ በላይ አበል የምትቀበሉ ሰዎች የግብሩን ያህል ከዚያው ላይ ለይታችሁ ብታስቀምጡ ደመወዝ ስትቀበሉ አትደነግጡም።

አሁን የደመወዝ መክፈያውን ወረቀት እናንብብ። ፔሮል የሚሉት ነው። በጠጋኙ ስም አንጻር በኅዳር ወር ይህ መጻፍ አለበት። ደመወዝ፣ 8,000። ግብር የሚከፈልበት አበል፣ 1,200። ድምር፣ 9,200። የሥራ ግብር፣ 1,450። ጡረታ፣ 560። ቀድሞ የተከፈለ አበል፣ 1,200። የተጣራ ክፍያ፣ 5,990። «ቀድሞ የተከፈለ» የሚለው ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ነገሩ ግን ቀላል ነው። 1,200 ብሩ ለግብር ስሌት ብቻ ነው ወደ ላይ የገባው። ሰውየው ገንዘቡን ቀድሞ ስለወሰደው ከታች መልሶ ይወጣል።

ከጡረታው ላይ አንድ ምልክት አለላችሁ። ጡረታ የሚታሰበው በደመወዙ ላይ ነው፤ በውሎ አበል ላይ አይታሰብም። ስለዚህ መስክ የሄዳችሁበት ወር ጡረታና መስክ ያልሄዳችሁበት ወር ጡረታ እኩል መሆን አለበት። የጠጋኙ ጡረታ 560 መሆኑ ቀርቶ 644 ብር ሆኖ ቢገኝ፣ ሒሳብ ሹሙ በስሕተት 9,200ውን በ7 ከመቶ አባዝቷል ማለት ነው። 84 ብር ያለአግባብ ተወስዷል። ይህን ለማየት ብዙ ሒሳብ አያስፈልግም። ያለፈውን ወር ወረቀት ከዚህ ወር ወረቀት ጎን ማስቀመጥ ይበቃል።

ከዚህ የሚብስ ስሕተትም አለ። ጠጋኙ ለስድስት ቀን ድሬዳዋ መቆየቱን የሚያሳይ ወረቀት ባይኖርስ? የጉዞ ትእዛዙ ጠፍቶ፣ የመሄጃና የመመለሻ ቀኑ ሳይጻፍ ቢቀርስ? በመዝገቡ ላይ የሚታየው «4,200 ብር ተከፈለው» የሚል ብቻ ይሆናል። ለሥራ ጉዞ መሆኑ ካልታየ ደግሞ እንደ ተጨማሪ ደመወዝ ይቆጠራል። እንግዲህ እናስላው። 8,000 ላይ 4,200 ሲደመር 12,200 ይሆናል። እስከ 10,000 ያለው 2,000 ብር በ25 ከመቶ 500 ብር ያመጣል። ከ10,000 በላይ ያለው 2,200 ብር በ30 ከመቶ 660 ብር ያመጣል። በድምሩ ተጨማሪው ግብር 1,160 ብር ሆነ። በወረቀት ቢደገፍ 300 ብር፣ ባይደገፍ 1,160 ብር! ልዩነቱ 860 ብር ነው። አንዲት የጠፋች ወረቀት 860 ብር በላች ማለት ነው።

ወረቀቷ ላይ ምን ምን ይጻፍ? የሠራተኛው ስም፣ ከየት ወደ የት እንደሄደ፣ ለምን ሥራ እንደሄደ፣ የተነሣበት ቀንና ሰዓት፣ የተመለሰበት ቀንና ሰዓት፣ የቀኑ ብዛት፣ ለአንድ ቀን የታሰበው ብርና ጠቅላላው። የላከው አለቃ ፊርማ ይኖርበታል። የደረሰበት ቦታ ኃላፊ «መጥቶ ሠርቷል» ብሎ ቢፈርምበት ደግሞ ይበልጥ ይጠነክራል። ሾፌር ከሆናችሁ ሲነሡም ሲመለሱም የመኪናውን የኪሎሜትር ቁጥር ጻፉ። ርቀቱን ከዚያ የተሻለ የሚመሰክር የለም።

ይህ የመሥሪያ ቤቱ ወረቀት ነው። እናንተ ደግሞ የራሳችሁን ደብተር ያዙ። ጠጋኙ ደብተር ቢኖረው ኖሮ እንዲህ ብሎ ይጽፍ ነበር። «ኅዳር 2 ቀን 2018። ከገንዘብ ያዥ አበል 4,200 ብር ተቀበልኩ፣ ለ6 ቀን፣ በቀን 700። ኅዳር 3 ቀን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከአዳማ ተነሣሁ። የአውቶቡስ ቲኬት አለኝ። ኅዳር 8 ቀን ከምሽቱ 1 ሰዓት አዳማ ገባሁ። የመመለሻ ቲኬት አለኝ። ሦስት ፓምፕ ጠግኛለሁ።» ይህን ለመጻፍ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ዋናው ነገር በዕለቱ መጻፍ ነው። ከወር በኋላ «የሄድኩት ሰኞ ነበር ወይስ ማክሰኞ?» እያሉ ማሰብ አይሆንም።

እኔም በወጣትነቴ በአንድ መሥሪያ ቤት ስሠራ ባዶ የአበል ወረቀት ላይ ፈርሜ አውቃለሁ። «በኋላ እንሞላዋለን» ተባልኩ። የአራት ቀን አበል ተቀብዬ ወረቀቱ ላይ ሰባት ቀን ተጽፎ ተገኘ። ኦዲት ሲመጣ ተጠያቂው የፈረመው ነበር። ከዚያ ወዲህ ቀኑና ብሩ ያልተሞላበት ወረቀት ላይ ብዕር አላሳርፍም።

የአውቶቡሱ ቲኬት ነገር ተነሥቷልና እሱንም እንየው። የመጓጓዣ ወጪ ከውሎ አበል የተለየ ነው። ጠጋኙ ለመሄጃና ለመመለሻ ከኪሱ ከፍሎ፣ ቲኬቱን አቅርቦ፣ ያንኑ ያህል ገንዘብ ቢመለስለት፣ ግብር የለበትም። የሥራውን ወጪ ከፈለ፣ ወጪው ተመለሰለት፣ ምንም አላተረፈም። ቲኬቱ ግን መኖር አለበት። ስሙና ቀኑ ያለበት ቢሆን ይመረጣል። በየወሩ ከደመወዝ ጋር የሚከፈል ቋሚ የትራንስፖርት አበል ግን ሌላ ነው። እሱ የራሱ ጣሪያ አለው። ከጣሪያው ያለፈው በዚያው በደመወዙ ላይ ተደምሮ ግብር ይከፈልበታል። ሁለቱ በአንድ ስም ስለሚጠሩ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል።

በየወሩ የሚከፈል «ውሎ አበል» የሚባልም አለ። ሠራተኛው ከወንበሩ አልተነሣም፤ የትም አልሄደም። ወሩ ሲመጣ ግን 2,000 ብር አበል ይሰጠዋል። ይህ ስሙ አበል ይሁን እንጂ ደመወዝ ነው። ጉዞ የለም፤ ስለዚህ ነጻ የሚሆንበት ምክንያት የለም። በሙሉ ግብር ይከፈልበታል። አሠሪው ግብሩን ሳይቀንስ ቢከፍላችሁ ለጊዜው ደስ ይላል። ግን ሌላ ጉዳት አለው። ደመወዝ ተብሎ ስላልተመዘገበ ጡረታ አይታሰብበትም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረትም ውሎ አበል ከደመወዝ አይቆጠርም። ስለዚህ ከሥራ ስትሰናበቱ የሚታሰበው የስንብት ክፍያ በዝቅተኛው ደመወዝ ይሰላል። ደመወዙ 6,000፣ «አበሉ» 2,000 የሆነ ሰው 8,000 ብር የሚያገኝ ይመስለዋል። የስንብቱ ቀን ግን የ6,000 ብር ሰው ነው። አሠሪያችሁ «ደመወዝ ከምጨምርልህ አበል ልጨምርልህ» ቢላችሁ ይህን አስቡበት።

ለመንግሥት ሠራተኞች አንድ ነገር ልጨምር። በብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የአንድ ቀን አበል ይከፋፈላል። ለቁርስ ከመቶ 10፣ ለምሳ ከመቶ 25፣ ለእራት ከመቶ 25፣ ለአልጋ ከመቶ 40 ነው። ስለዚህ የተነሣችሁበትና የተመለሳችሁበት ሰዓት ገንዘብ ነው። ከምሳ በኋላ የተነሣ ሰው የዚያን ቀን ቁርስና ምሳ አይታሰብለትም። ማታ ቤቱ ገብቶ ያደረ ሰው የአልጋው አይታሰብለትም። በቀን 600 ብር ቢታሰብ የአልጋው ብቻ 240 ብር ነው። ሰዓት ሳትጽፉ ቀርታችሁ የማይገባችሁን ብትወስዱ ታወራርዱታላችሁ፤ የሚገባችሁን ብትተዉ ደግሞ የሚያስታውስላችሁ የለም።

ማወራረድ ያልነው ቃል ይገባችሁ ይሆን? ቀድሞ የተሰጠ ገንዘብ በእናንተ ስም እንደ ዕዳ ተመዝግቦ ይቆያል። ስትመለሱ ወረቀቱን ታቀርባላችሁ፤ ዕዳው ይሰረዛል። የተረፈ ካለ ትመልሳላችሁ። ስድስት ቀን ተብሎ የተላከው ጠጋኝ በአምስት ቀን ጨርሶ ቢመጣ የአንዱን ቀን 700 ብር መመለስ አለበት። ካላወራረደ ሒሳብ ሹሙ ገንዘቡን ከደመወዙ ሊያስቀር ይችላል። ይህ ግብር አይደለም፤ ያልተወራረደ ዕዳ ነው። በመክፈያው ወረቀት ላይ «ሌላ ተቀናሽ» በሚለው ስር ትልቅ ቁጥር ካያችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት «የትኛው ጉዞዬ ነው ያልተወራረደው?» ብላችሁ ነው።

ጊዜያችን ስላለቀ አንድ የደብተር ሥራ ልስጣችሁ። አንዲት ሴት ደመወዟ 9,500 ብር ነው። እሷም እንደ ጠጋኙ ከጣሪያ በላይ 1,200 ብር አበል አግኝታለች። ጓደኛዋ «10,000ን ስላለፍሽ ደመወዝሽ በሙሉ በ30 ከመቶ ይታሰባል» ብላ አስፈራርታታለች። እውነት ነው? ደረጃውን ውጡና አስሉት።

መልሱ ይህ ነው። ጓደኛዋ ተሳስታለች። ከ9,500 እስከ 10,000 ያለው 500 ብር በ25 ከመቶ 125 ብር ያመጣል። ከ10,000 ያለፈው 700 ብር ብቻ ነው በ30 ከመቶ የሚታሰበው፤ እሱም 210 ብር ነው። ተጨማሪ ግብሯ 335 ብር ሲሆን ከ1,200ው ትርፍ 865 ብር በእጇ ይቀራል።